ደንበኛው ሁለት ጊዜ ከፈለ፤ ሎጋችን ላይ ግን አንድም ስህተት የለም

ማራኪ ሰፈር

ሰላም ለሁላችሁ። ጎንደር ውስጥ ላሉ ጥቂት ሆቴሎችና የእንግዳ ማረፊያዎች የክፍል ማስያዣ መተግበሪያ እሠራለሁ። የከተራ ዕለት ማታ፣ ከተማው በእንግዳ ተጨናንቆ ኔትወርኩ በሚቆራረጥበት ሰዓት፣ ከባሕር ዳር የመጣ አንድ እንግዳ ለሁለት ሌሊት 3,200 ብር መክፈል ሲገባው 6,400 ብር ከፈለ። ትርፉ በማግስቱ ተመልሶለታል። እንቅልፍ የነሳኝ ሎጉ ነው፤ ከላይ እስከ ታች ሳነበው «ስህተት» የሚል አንድ መስመር አላገኘሁም።

የሆነው እንዲህ ነው። ከምሽቱ 2:14:07 ላይ የእንግዳው ስልክ የክፍያ ጥያቄውን ላከ። ሰርቨራችን አዲስ የማጣቀሻ ቁጥር አውጥቶ ወደ ክፍያ አቅራቢው አሳለፈው፤ በእንግዳው ስልክ ላይም ሚስጥር ቁጥር የሚጠይቅ መስኮት ተከፈተ። መተግበሪያችን ምላሽ የሚጠብቀው 10 ሰከንድ ብቻ ነበር። 2:14:17 ላይ መጠበቁን አቁሞ ያንኑ ጥያቄ በራሱ ደግሞ ላከ። ሰርቨሩም እንደ አዲስ ክፍያ ቆጥሮ ሁለተኛ ማጣቀሻ አወጣ። 2:14:31 ላይ የመጀመሪያው ክፍያ ተሳካ። ወዲያው ሁለተኛው መስኮት ብቅ ሲል እንግዳው «የቅድሙ አልገባ ይሆናል» ብሎ ሚስጥር ቁጥሩን እንደገና አስገባ። 2:14:52 ላይ ያም ተሳካ።

አሁን የመጠበቂያውን ጊዜ ወደ 60 ሰከንድ ከፍ አድርጌዋለሁ። ይህ ይበቃል ወይስ የክፍያ መቀበያውን ራሱን መለወጥ አለብኝ?

---

አዘዞ

እኔም ደርሶብኛል። ሁለት ነገር አድርግ። አንደኛ፣ ደንበኛው «ክፈል» የሚለውን አዝራር አንዴ ሲነካው አዝራሩ ይጥፋ። ሁለተኛ፣ ሰርቨሩ ላይ ያው ደንበኛ ያንኑ የገንዘብ መጠን ባለፉት አምስት ደቂቃዎች ውስጥ ከፍሎ እንደሆነ ፈትሽና ከፍሎ ከተገኘ ሁለተኛውን መልስ። በእኔ መተግበሪያ ይህን ካደረግሁ ወዲህ አንድም ቅሬታ አልመጣም።

---

ፒያሳ ሱቅ

ልጆች፣ እኔ ነጋዴ ነኝ እንጂ የኮምፒውተር ሰው አይደለሁም። ርዕሱን አይቼ ገባሁ። ባለፈው ሳምንት ለጅምላ አከፋፋዬ 12,000 ብር በስልኬ ለመላክ ስሞክር «እየተሠራ ነው» ብሎ ቆመብኝ፤ ደግሜ ላክሁ፤ ሁለቱም ደረሰው። እርሱ ደግሞ አንዱን ለሚቀጥለው ጭነት ልያዘው እያለኝ ነው። ይህን የሚመልስልኝ ማነው?

---

አንገረብ

ማራኪ ሰፈር፣ የጻፍኸውን የሰዓት ዝርዝር ደግመህ ተመልከተው። መልሱ እዚያው ውስጥ ነው። በ2:14:17 ላይ ስልኩ ያወቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ምላሽ አለመምጣቱን። ጥያቄው ሰርቨሩ ጋ ሳይደርስ መንገድ ላይ ቀርቶ ሊሆን ይችላል። ደርሶ ገና እየተሠራ ሊሆን ይችላል። ወይም ሁሉም ነገር ተጠናቅቆ ምላሹ ሲመለስ ጠፍቶ ሊሆን ይችላል። ከስልኩ በኩል ሲታዩ ሦስቱ አንድ ዓይነት ናቸው። የመጠበቂያውን ጊዜ 60 ብታደርገው የሁለተኛውን ዕድል ትቀንሳለህ፤ ሦስተኛውን ግን አትነካውም። የጨመርኸው መጥፎ ነው አልልህም። ሰው ሚስጥር ቁጥሩን አስቦ ለማስገባት ከ10 ሰከንድ በላይ ይፈልጋል፤ ስለዚህ 10 ከመጀመሪያውም ትንሽ ነበር።

የሚያስፈልግህ ስልኩ ጥያቄውን ደግሞ ሲልክ «ይህ ያው የቅድሙ ነው» የሚልበት ምልክት ነው። የክፍያ ሥራ የሚሠሩ ሰዎች አይደምፖተንሲ ቁልፍ ይሉታል። እንግዳው የክፍያውን ገጽ ሲከፍት መተግበሪያው አንድ የዘፈቀደ ቁልፍ ያወጣል፤ ጥያቄውን ከመላኩ በፊት ስልኩ ላይ ይጽፈዋል፤ ከዚያ በኋላ አሥር ጊዜም ቢደግም ያንኑ ቁልፍ በ`Idempotency-Key` ራስጌ ይልካል። «ከመላኩ በፊት» ያልሁትን ልብ በል። ቁልፉ ማህደረ ትውስታ ውስጥ ብቻ ካለና ስልኩ መተግበሪያውን ከዘጋው፣ እንግዳው ሲመለስ አዲስ ቁልፍ ይወጣና ወደ ከተራው ምሽት ትመለሳለህ። ሌላው በብዛት የማየው ስህተት ቁልፉን ጥያቄ በሚልከው ተግባር ውስጥ ማውጣት ነው። እንዲያ ከሆነ እያንዳንዱ ድጋሚ ሙከራ የራሱ ቁልፍ ይኖረዋል፤ ኮዱ ሲታይ ሁሉ ነገር የተሟላ ይመስላል፤ ጥበቃው ግን የለም።

ሰርቨሩ በበኩሉ ከምንም በፊት ቁልፉን ይመዘግባል። ለአቅራቢው የሚላከው ማጣቀሻም በዚያው መዝገብ አንዴ ይወጣል፤ ሁለተኛ አይወጣም። ያንተ ጥፋት የነበረው እዚህ ላይ ነው፤ ማጣቀሻውን በየጥያቄው ታወጣ ነበር።

አዘዞ፣ አዝራሩን ማጥፋት ጥሩ ነው፤ ሰው ሁለት ጊዜ እንዳይነካ ያደርጋል። እዚህ ግን ማንም ሁለት ጊዜ አልነካም፤ የደገመው መተግበሪያው ራሱ ነው። የአምስት ደቂቃው ፍተሻ ደግሞ በዚያ ምሽት አይሠራም ነበር። 2:14:17 ላይ «ከፍሏል ወይ?» ብለህ ብትጠይቅ መልሱ «አልከፈለም» ነው፤ የመጀመሪያው ክፍያ የተሳካው ከ14 ሰከንድ በኋላ ነውና።

---

አዘዞ

አንገረብ፣ የመጨረሻው ነጥብዎ ትክክል ነው፤ እኔ የተሳኩትን ብቻ ነበር የምፈትሸው። ነገር ግን በሂደት ላይ ያሉትንም ብጨምር ያለ ምንም ቁልፍ አይሠራም ይላሉ? የስልክ ቁጥሩንና የገንዘቡን መጠን አጣምሬ ራሴ ቁልፍ ባደርገውስ?

---

አንገረብ

አንድ አባት ለራሱና ለወንድሙ ሁለት ክፍል ሊይዝ ይመጣል። ሁለቱም ክፍሎች 3,200 ብር ናቸው፤ በሦስት ደቂቃ ልዩነት ይከፍላል። በአንተ አሠራር ሁለተኛው ክፍያ «ተደግሟል» ተብሎ ይመለሳል፤ ይባስ ብሎም የመጀመሪያው ምላሽ ይሰጠውና ሁለቱንም የያዘ ይመስለዋል። ወንድሙ ሌሊት መጥቶ ክፍል ሲያጣ ቅሬታው ለአንተ ሳይሆን ለእንግዳ ተቀባዩ ነው የሚደርሰው። አንድም ቅሬታ አልመጣም ያልኸው ለዚህ እንዳይሆን ሰጋሁ። መጠኑና ስልኩ ሰውዬው ምን እንዳሰበ አይነግሩህም። አንድ ሐሳብ ይሁን ሁለት የሚያውቀው እንግዳው ያለበት ገጽ ብቻ ነው።

መጠኑን ግን አትጣለው፤ ለሌላ ይጠቅማል። ከቁልፉ ጋር የጥያቄውን ይዘት አሻራ መዝግብ። ያው ቁልፍ 3,200 ብሎ ከመጣ በኋላ 4,800 ብሎ ቢመጣ መተግበሪያው ውስጥ ስህተት አለ ማለት ነው፤ በ`422` መልሰው እንጂ የድሮውን ምላሽ አትስጠው።

---

ቀሃ ዳር

የዳታቤዝ ሰው ነኝ፤ አንገረብ «ይመዘግባል» ብለው ባለፉት ቃል ላይ ልቁም፤ ብዙዎች የሚወድቁት እዚያ ነው። «ቁልፉ አለ ወይ?» ብሎ መጠየቅና «ከሌለ ጻፍ» ማለት ሁለት እርምጃዎች ናቸው። በመካከላቸው ያለችው ቅጽበት ለሁለት ጥያቄዎች ትበቃለች፤ ሁለቱም «የለም» የሚል መልስ ያገኛሉ፤ ሁለቱም ይጽፋሉ። ፍርዱን ለዳታቤዙ ስጡት። በ`PostgreSQL` እንዲህ ነው፦

```sql
INSERT INTO payment_attempt
  (customer_id, idem_key, booking_id, body_hash, provider_ref, status)
VALUES ($1, $2, $3, $4, $5, 'started')
ON CONFLICT (customer_id, idem_key) DO NOTHING
RETURNING provider_ref;
```

ይህ እንዲሠራ በሁለቱ ዓምዶች ላይ ልዩ ኢንዴክስ መኖር አለበት። አንድ ረድፍ ከተመለሰላችሁ ቀዳሚው እናንተ ናችሁ፤ ወደ አቅራቢው ሂዱ። ባዶ ከተመለሰ ሌላ ቀድሟችኋል፤ ያለውን መዝገብ አንብባችሁ ካለቀ ምላሹን ስጡ፤ ካላለቀ `409` መልሱና ስልኩ ጥቂት ቆይቶ ይጠይቅ። ቁልፉን ከደንበኛው መለያ ጋር ያጣመርሁት የአንዱ ሰው ቁልፍ የሌላውን ደረሰኝ እንዳይከፍት ነው።

አሁን ዋናው ነገር። ይህን መዝገብ ወደ አቅራቢው ከመሄዳችሁ በፊት አጽድቁት፤ `COMMIT`። ትራንዛክሽኑን ከፍታችሁ አቅራቢውን 40 ሰከንድ ከጠበቃችሁ ሁለት ጉዳት አለ። ሁለተኛው ጥያቄ ያ ትራንዛክሽን እስኪያልቅ እዚያው `INSERT` ላይ ቆሞ ይጠብቃል፤ በበዓል ሰሞን የዳታቤዝ ግንኙነቶቻችሁ በዚህ ያልቃሉ። ከዚህ የከፋው ደግሞ ሰርቨሩ በመሃል ቢወድቅ መዝገቡ አብሮ መጥፋቱ ነው። ገንዘቡ ከእንግዳው ሂሳብ ወጥቷል፤ እናንተ ጋ ግን እንደተጠየቀ የሚናገር አንድ ፊደል አልቀረም።

---

ተማሪ 4ኛ ዓመት

የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ፤ የመመረቂያ ሥራዬ ላይ ክፍያ አለ። እስካሁን ያነበብሁት ከስልኩ እስከ ሰርቨሩ ያለውን መንገድ ነው። ሰርቨሩ ከአቅራቢው ምላሽ ሲያጣስ? ያኔ ሰርቨሩ ራሱ እንደ ስልኩ ሆነ ማለት አይደለም? መዝገቡን «አልተሳካም» ብዬ ልዝጋው?

---

አንገረብ

ጥሩ ጥያቄ ነው፤ «አልተሳካም» ብለህ ግን እንዳትዘጋው። አለማወቅ አለመሳካት አይደለም። ለዚህ የራሱ ሁኔታ ይኑርህ፤ እኔ `unknown` እለዋለሁ። እንግዳውም «ክፍያዎ እየተጣራ ነው፤ እባክዎ ደግመው አይክፈሉ» የሚል ጽሑፍ ይይ። ከዚያ በጀርባ የሚሠራ አንድ አጣሪ ፕሮግራም በየደቂቃው `unknown` የሆኑትን እየለየ በማጣቀሻ ቁጥራቸው አቅራቢውን «ይህ የት ደረሰ?» ብሎ ይጠይቅ። `started` ላይ ቆመው ብዙ ደቂቃ ያለፋቸውንም አብሮ ይውሰድ፤ እነዚያ ሰርቨሩ በመሃል የወደቀባቸው ናቸው።

---

ተማሪ 4ኛ ዓመት

አቅራቢው «እንዲህ ያለ ማጣቀሻ የለም» ካለስ? ያኔ ጥያቄው አልደረሰም ማለት ነው፤ በአዲስ ማጣቀሻ ልላከው አይደል?

---

አንገረብ

አይደለም። እኔ ራሴ የተቃጠልሁት በዚህ ነው፤ ዓመታት አልፈዋል፤ ጎንደር ሳልመጣ ሌላ ከተማ ስሠራ። አቅራቢው «የለም» አለን፤ በአዲስ ማጣቀሻ ላክን። የመጀመሪያው ግን የእነርሱ ወረፋ ውስጥ ተቀምጦ ነበር፤ ከአራት ደቂቃ በኋላ ተነሥቶ ተሠራ። አንዲት እናት የልጇን የትምህርት ቤት ክፍያ ሁለት ጊዜ ከፈለች፤ ቢሯችን ድረስ በእግሯ መጣች። ከዚያ ቀን ጀምሮ «የለም» የሚለውን ቃል «እስካሁን አላየሁትም» ብዬ ነው የማነበው።

ስለዚህ ደግመህ ልትልክ ትችላለህ፤ ነገር ግን በዚያው ማጣቀሻ ብቻ። ያኔ ሁለቱ ቢገናኙ አቅራቢው አንዱን ይጥላል። ይጥላል ወይ የሚለውን ደግሞ በውሉ ላይ ካነበብኸው በላይ በእጅህ ሞክረው። በመሞከሪያ አካባቢያቸው ያንኑ ማጣቀሻ ሁለት ጊዜ ላክ፤ በተርታም፣ በአንድ ቅጽበትም። በተርታ ሲሆን ለይተው በአንድ ቅጽበት ሲሆን ሁለቱንም የሚቀበሉ አጋጥመውኛል። እንዲህ ያለ አቅራቢ ካጋጠመህ በራስህ መድገሙን ተው፤ ጠይቅ፣ ጠብቅ፣ በመጨረሻም ሰው ያጣራው።

---

ቀሃ ዳር

ፒያሳ ሱቅ፣ ማንም ሳይመልስልዎ እንዳይቀር። የእርስዎ ጉዳይ ከዚህ ይለያል። ሁለቱን ዝውውሮች ያዘዙት እርስዎ ራስዎ ስለሆኑ ለሥርዓቱ ሁለት የተለያዩ ትእዛዞች ናቸው። ሁለቱ የጽሑፍ መልእክቶች ላይ የተለያየ የግብይት ቁጥር ያገኛሉ፤ ሁለቱንም ይዘው ገንዘቡን ወደላኩበት ድርጅት የደንበኞች አገልግሎት ይሂዱ። ከአከፋፋዩ ጋር ለመነጋገርም ማስረጃዎ እነዚያ ሁለት ቁጥሮች ናቸው። ወደፊት ስልኩ ሲቆምብዎ ከመድገምዎ በፊት ሂሳብዎን ወይም የዝውውር ዝርዝሩን ይመልከቱ።

---

ፒያሳ ሱቅ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ልጄ። ሁለቱም መልእክቶች አሉኝ፤ ነገ ጠዋት እሄዳለሁ። ስልኩ ላይ «ደግመው አይክፈሉ» የሚል ጽሑፍ ቢኖር ኖሮ ግን አልደግምም ነበር፤ አንገረብ ያሉትን ጽሑፍ አትርሱት።

---

ማራኪ ሰፈር

ሦስት ቀን ፈጀብኝ፤ የደረስሁበትን ልንገራችሁ። ቁልፉ ገጹ ሲከፈት ይወጣል፤ ስልኩ ላይ ይጻፋል። ማጣቀሻው ከቁልፉ መዝገብ ጋር አንዴ ይወጣል። ከዚያ ሆን ብዬ ማፍረስ ጀመርሁ። የአቅራቢው ምላሽ ከደረሰ በኋላ፣ እኛ ዳታቤዝ ላይ ከመጻፋችን በፊት፣ ሰርቨሩን በ`kill -9` ገደልሁት። መዝገቡ `started` ላይ ቀረ፤ አጣሪው አንሥቶ ጠየቀ፤ «ተከፍሏል» ተባለ፤ ተዘጋ። ስልኩ ሲመለስ ያንኑ ደረሰኝ አገኘ። ይህን ሃያ ጊዜ ደጋግሜዋለሁ፤ በአቅራቢው በኩል ሃያ ማጣቀሻ፣ ሃያ ክፍያ።

አንድ ቀዳዳ ግን አገኘሁ። እንግዳው በስልኩ ጀምሮ ኔትወርክ ሲቆረጥበት በሆቴሉ እንግዳ መቀበያ ኮምፒውተር ላይ ያንኑ ማስያዣ ከፍቶ ሊከፍል ይችላል። ሁለት መሣሪያ፣ ሁለት ቁልፍ። ስለዚህ ይህን ጨመርሁ፦

```sql
CREATE UNIQUE INDEX one_live_payment
ON payment_attempt (booking_id)
WHERE status IN ('started', 'unknown', 'succeeded');
```

መጀመሪያ ስሞክረው ሰርቨሩ `500` መለሰ። ለካስ `ON CONFLICT` የሚያልፈው በስም የጠራነውን ግጭት ብቻ ነው፤ በዚህኛው ኢንዴክስ ላይ የሚነሣው ግጭት `23505` የሚል ስህተት ሆኖ ይወጣል። እርሱን ይዤ «ለዚህ ማስያዣ የተጀመረ ክፍያ አለ» ወደሚል መልስ ቀየርሁት።

---

ቀሃ ዳር

መልካም አድርገሃል፤ ለሆቴል ግን አንድ ችግር ይታየኛል። ለጥምቀት ክፍል የሚይዙ ብዙ እንግዶች ግማሹን አስቀድመው፣ ግማሹን ሲደርሱ ነው የሚከፍሉት። ያንተ ኢንዴክስ ሁለተኛውን ግማሽ ይከለክላል።

---

አዘዞ

ታዲያ ኢንዴክሱን በማስያዣው ሳይሆን በክፍያ ግዴታው ላይ ያድርገው። ቅድመ ክፍያው አንድ ረድፍ፣ ቀሪው ሌላ ረድፍ ይሁን፤ ለእያንዳንዱ አንድ ክፍያ ብቻ።

---

አንገረብ

አዘዞ ልክ ነው፤ የክፍፍሉ መጠን አስቀድሞ ከታወቀ። ብዙ እንግዶች ግን «አሁን 1,000 ልስጥ፣ ነገ 700፣ የቀረውን ስወጣ» ይላሉ። እዚያ ላይ ግዴታውን ማን ይከፋፍለዋል? እኔ በሠራሁበት ቦታ ከቀሪ ሂሳብ በላይ የሚወስድ ክፍያ እንዳይጀመር የማስያዣውን ረድፍ በ`SELECT ... FOR UPDATE` ቆልፈን በሂደት ላይ ያሉትን እንደተከፈሉ እየቆጠርን ነበር። ከዕዳው በላይ መውሰድን ይከለክላል፤ አንዱን 700 ሁለት ጊዜ መውሰድን ግን ቀሪው ከ700 በላይ እስከሆነ ድረስ አይከለክልም። ለዚያ አሁንም ቁልፉ ላይ ነው የምንደገፈው፤ በሁለት መሣሪያ ቢሆን የተሻለ መንገድ አላገኘሁም።

---

ማራኪ ሰፈር

ሆቴሎቹን ነገ አነጋግራቸዋለሁ፤ ሁለት ቋሚ ክፍያ ብቻ ከተስማሙ የአዘዞን መንገድ እይዛለሁ። ካልተስማሙ በሂደት ላይ ያለ ክፍያ እያለ ሌላ እንዳይጀመር ብቻ እከለክላለሁ፤ `succeeded` የሚለውን ከኢንዴክሱ አወጣለሁ ማለት ነው። ሌላም ያልቆረጥሁት አለ፤ ቁልፎቹን ለምን ያህል ጊዜ ላስቀምጥ? ለ24 ሰዓት ብቻ የሚያስቀምጡ እንዳሉ አውቃለሁ። የእኔ እንግዶች ግን ከፍለው ወደ ስሜን ተራሮች ይወጣሉ፤ ስልካቸው ኔትወርክ የሚያገኘው ከአራትና አምስት ቀን በኋላ ሲወርዱ ነው፤ ያልተመለሰለትን ጥያቄም መተግበሪያው ያኔ ደግሞ ይልካል።

---

ቀሃ ዳር

ለማጥፋት አትቸኩል። አንድ ረድፍ ጥቂት መቶ ባይት ነው፤ የአንድ ዓመት የሆቴል ክፍያ ዳታቤዝህን አይከብደውም። ይልቅ መተግበሪያው ከሁለት ቀን በላይ የቆየን ጥያቄ በራሱ እንዳይልክ አድርግና መጀመሪያ የማስያዣውን ሁኔታ ይጠይቅ። ከተራራ ሲወርድ ስልኩ ኪሱ ውስጥ ሆኖ ክፍያ የሚጀምርለት እንግዳ፣ ቁልፉ ቢሠራም፣ ሚስጥር ቁጥር የሚጠይቅ መስኮት ድንገት ሲከፈትበት ይደነግጣል።